ጭራ ያላትና ጭራ የሌላት

መኪና እንግዛ የሚለው አንድ እራት ላይ ተወሰነ። የትኛዋን የሚለው ግን ከመስከረም እስከ ጥር ወሰደ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ስለ ሌላ ነገር የተነጋገርን አይመስለኝም።

ቤታችን ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ የምሠራው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የጭነት ሰነድ የሚዘጋጅበት ቢሮ ውስጥ ነው። ባለቤቴ መገናኛ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራል። ሁለታችንም ለዓመታት በታክሲ ሰልፍ ስንቆም ኖረናል። ስለዚህ መኪና እንደሚያስፈልገን ለመስማማት ብዙ ክርክር አላስፈለገንም። ክርክሩ የመጣው ስለ ጭራዋ ነው።

ባለቤቴ የሚፈልገው ሴዳን ነው፤ ትንሽ ትሁን፣ አሮጌም ትሁን፣ ብቻ ከኋላ ለብቻው የሚዘጋ የዕቃ ቦታ ያላት። እኔ የምፈልገው ሀችባክ ነው፤ አጭር፣ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ የትም የምትሸጎጥ። እሱ የኔን ምርጫ ባየ ቁጥር፣ መኪና ማለት ፊት፣ መሃልና ኋላ ያላት ናት፣ ይቺ ግን ሲሠሯት ቆርቆሮ አልቆባቸው የተዋት ነው የምትመስለው ይላል። እኔ ደግሞ የቢሮአችንን ግቢ አስታውሰዋለሁ። እዚያ መኪና የሚቆመው በግድግዳና በጭነት መኪና መሃል ነው፤ አርፍዶ የመጣ ሰው የሚያገኘው ቦታ ለብስክሌት እንኳ ያሳዝናል። ጭራዋን የት ላድርገው ብዬ እጠይቀዋለሁ። እሱ ደግሞ ስለ ክብር ያነሳል።

መንገዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አስፋልቱ ከኛ ሰፈር በፊት ያልቃል። ከዚያ ኮብልስቶን ይቀበላል፤ እሱም ሲሰለቸው ለፒስታው ይለቅቃል። ፒስታው ላይ፣ ልክ ከኮንዶሚኒየሙ በር ፊት ለፊት፣ የውሃ ቧንቧ ሊያሳልፉ ቆፍረው ግማሹን ብቻ የደፈኑት ቦይ አለ። ባለቤቴ ያቺ አጭሯ እዚህ ቦይ ውስጥ ገብታ ትቀራለች ይላል። እኔ ያቺ ረጅሟ ሆዷ ላይ ትቀመጣለች እላለሁ። ሁለታችንም እንዲህ የምንለው አንድም ቀን መኪና ይዘን ሳንሻገረው ነው።

ምክር አልጠፋም። የባለቤቴ ወንድም በኤሌክትሪክ የምትሄደውን ግዙ አለን፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ገመዱን በመስኮት እንድናወርደው ነው መሰለኝ። አንድ ደላላ ደግሞ ነበር። ለባለቤቴ ደውሎ፣ ሴዳን የሚመርጥ ሰው መኪና የገባው ሰው ነው አለው። በማግስቱ ለእኔ ደወለና ሀችባክ የሚመርጥ ሰው አዲስ አበባ የገባው ሰው ነው አለኝ። ሁለታችንም በየፊናችን ይሄ ደላላ ሐቀኛ ሰው ነው ብለን አመንን። የተጋለጠው አንድ ቅዳሜ ሁለታችንን አንድ ላይ ያገኘን ጊዜ ነው። ወደ እሱም ወደ እኔም አየና፣ ዋናው ጤና ነው ብሎ ሄደ።

በመጨረሻ ነገሩን ለሦስተኛ ሰው ለመስጠት ተስማማን። ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ጎረቤት አሉን፤ ሠላሳ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ከተማው ውስጥ መሪ የያዘው ሰው ግማሹ በሳቸው እጅ ስላለፈ፣ መንገድ ላይ አንድ ሾፌር ያለ ምልክት ሲታጠፍ ባዩ ቁጥር ይሄ የኔ ተማሪ ይሆን እያሉ የሚሸማቀቁ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሄደን፣ ተራ በተራ፣ አንዳችን ሌላውን እያቋረጥን አስረዳናቸው። ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ባዶ መኪና ሁሉ ጎበዝ ነው። ጭናችሁ አምጡልኝ።»

ያሰቡት ቀላል ነገር ነበር። ሁለቱንም ዓይነት መኪና እንዋስ፤ በሁለት ቅዳሜ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያንኑ ሰውና ያንኑ ዕቃ ጭነን እንሂድ። መንገዱ ከቡልቡላ እስከ ሾላ ገበያ ደርሶ መልስ ይሆናል፤ አስፋልቱም፣ መጨናነቁም፣ መኪና ማቆሙም፣ ፒስታውም፣ ቦዩም ሁሉ አለበት። ሴዳኗን ባለቤቴ ይነዳል፣ ሀችባኳን እኔ። እሳቸው ፊት ተቀምጠው ያያሉ።

ለጭነቱ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ተመረጡ። አማቴ ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት ሾላ ገበያ ውስጥ ቅመም ሲሸጡ ነው የኖሩት፤ ዛሬም ሽንኩርትና በርበሬ ከዚያ ውጭ የሚገኝ አይመስላቸውም። ወፈር ያሉ ናቸው፣ እሱንም ይኮሩበታል። ባለቤቴ ነገሩን ሲያስረዳቸው እስከ መጨረሻ ሰሙትና፣ «እንግዲህ እኔ ክብደት ሆኜ ነው የምሄደው?» አሉ።

«ሽንኩርቱም አለ፣ እማዬ» አላቸው።

ያ አጽናናቸው መሰለኝ፣ እሺ አሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የሴዳኗ ነበር። ባለቤቴ ከአንድ የትምህርት ቤቱ ባልደረባ ተዋሳት፤ ነጭ፣ በደንብ የተያዘች፣ ውስጧ ሽቶ ሽቶ የሚሸት። ከመነሳታችን በፊት ጋሼ የልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉና ከመሬት እስከ ሆዷ፣ ከመሬት እስከ ኋላው ፓራውልት ያለውን ለኩ። ከዚያ ከፊት ገቡ። እኔና አማቴ ከኋላ ተቀመጥን።

እውነቱን ለመናገር መንገዱ ላይ ጥሩ ነበረች። ፒስታው ላይ ስትሄድ ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምንሰማው፤ የፊት ጎማ ገብቶ ሲወጣና የኋላው ተራው ሲደርስ በመሃል እፎይ የምንልበት ጊዜ አለ። ጋሼ ይሄ የርዝመቷ በረከት ነው አሉ፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም መወዛወዙ ይቀንሳል። ባለቤቴ በስፔኪዮ አየኝ። አውሮፕላን ማረፊያውን አልፈን ሰፊው አስፋልት ላይ ስንወጣ አንድ እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። በትዳራችን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሚኒስትር ነው የሚመስለው።

ሚኒስትርነቱ ሾላ ድረስ ቆየ። እዚያ ስንደርስ በአንዲት ሚኒባስና በአንድ የቲማቲም ጋሪ መሃል አንድ ክፍት ቦታ ነበር። መኪና የሚያስቆሙት ሰውዬ ና፣ ና፣ ና እያሉ በእጃቸው ይጠሩታል። ባለቤቴ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። አንገቱን አዙሮ ቢያይ የኋላውን መስታወት አየ፤ ከመስታወቱ በታች ያለው ጭራ የት እንደሚያልቅ ግን አይታየውም። ወጣ፣ ገባ፣ እንደገና ወጣ። ከኋላችን ጥሩምባው ተቀጣጠለ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሰውዬው ና ማለታቸውን ትተው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ፣ ባለቤቴ ግን እሱንም ና ማለት አድርጎ ወሰደው።

ጭራው የገባው ጥቅል ጎመን ክምር ውስጥ ነበር። ጩኸት የለ፣ ስባሪ የለ፤ ክምሩ ቀስ ብሎ ተንዶ በየአቅጣጫው ተንከባለለ። ባለጎመኗ ሴትዮ አልተቆጡም። ተረጋግተው መጡና የተነኩትን ጎመኖች አንድ በአንድ ለዩ። እንደ እሳቸው አባባል ሁሉም ተነክተው ነበር። ገዛናቸው።

አማቴን ከመኪናው ማውጣት ሌላ ሥራ ሆነ። እኔ አንድ እጃቸውን፣ ጋሼ ሌላውን ይዘን ስበን አወጣናቸው። ቀሚሱ ነው የያዘኝ አሉ። ከዚያ ገበያው ውስጥ ገብተን አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርትና አንድ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ ገዛን። ከነጎመኑ ከኋላ ተጫነ። ሁሉንም ዋጠችው፤ ክዳኑም ያለ ትግል ተዘጋ። ባለቤቴ ክዳኑን መታ መታ አደረገና እኔን አየኝ።

ስንመለስ ነገሩ ተቀየረ። ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ ጎማው ወዲያ ነው የተቀመጠው፤ ጭራዋ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ቀና ብላ ነው የምትሄደው። ቦዩ ጋ ስንደርስ ባለቤቴ በጣም ቀስ አለ። የፊት ጎማው ገባ፣ ወጣ። መሃሏ አለፈ። የኋላው ጎማ ሲወርድ ግን ከሥራችን ክርርርር የሚል ድምፅ መጣ፤ ረጅም፣ ጥርስ የሚያሳክክ። ሁላችንም አንድ ላይ ትንፋሻችንን ያዝን፤ እሱ መኪናዋን የሚያቀልላት ይመስል።

ጋሼ ወረዱና ሜትራቸውን አወጡ። ጠዋት ከለኩት ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። የተጫረው የኋላ ፓራውልት ሥር ነው፤ ብዙም አይታይም። ባለቤቴ ግን ተንበርክኮ በመሃረቡ ያንን ቦታ ሲያብስ ቆየ። ጎመኑ ለአንድ ሳምንት ተበላ፤ እስካሁን ጥቅል ጎመን ሳይ ያቺ ነጭ መኪና ነው የምትታየኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ የኔ ነበር። ሀችባኳን ያዋሰችኝ ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። መኪናዋ ሰማያዊ ናት፣ ሞተሯ አንድ ሊትር፤ የሴትዮዋ ባል ለውበት ብሎ ከፊት ፓራውልቷ ሥር ጥቁር የፕላስቲክ ከንፈር አስለጥፎላታል። ጋሼ ያንን ከንፈር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ለኩና ጻፉ።

ጭነቱ ያው መሆን አለበት አሉ። እንግዲህ ሽንኩርቱም በርበሬውም ቤት ናቸው። ስለዚህ ከሾላ የመጣውን ሽንኩርት ከአራተኛ ፎቅ አውርደን ወደ ሾላ ልንወስደው ሆነ። የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ ቆሞ ገባ። በርበሬው ግን አልገባም። ከኋላው ወንበር ትንሹን ክፍል አጥፈን በርበሬውን እዚያ አስተኛነው፤ በቀረው ክፍል ላይ ባለቤቴና እናቱ ተቀመጡ። ባለቤቴ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል፤ ክንዱን በርበሬው ላይ ጥሎ የድሮ ጓደኛውን ያቀፈ ይመስላል። ተመችቶሃል ስለው፣ በጣም አለኝ።

ሴዳኗ ውስጥ በርበሬውና እኛ የየራሳችን ክፍል ነበረን። እዚህ ግን አንድ ቤት ነን። ገና ኮብልስቶኑን ሳንጨርስ አማቴ አስነጠሱ። ከዚያ ባለቤቴ ቀጠለ። ጋሼ በጨዋነት መስኮቱን ትንሽ ከፈቱ፤ ነፋሱ ገብቶ የዛላውን ብናኝ አነሳው። ከዚያ በኋላ አራታችንም በየተራ ስናስነጥስ ነው የሄድነው። እኔ ስነዳ ስላስነጠስኩ ጋሼ መሪው ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ፤ የሠላሳ ዓመት ልምድ ነው።

ፒስታው ላይ ደግሞ ርዝመት የሚባል በረከት የለም። የፊት ጎማ ከጉድጓድ ሲወጣ የኋላው ይገባል፤ አማቴ ከኋላዬ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሉ በስፔኪዮ አያቸዋለሁ፣ አንዴ ፊታቸውን፣ አንዴ ነጠላቸውን። ቢሆንም መጨናነቁ ውስጥ ስንገባ ቀኑ የኔ ሆነ። መገናኛ ጋ ሚኒባሶቹ በሁለቱም ጎን ሲያጣብቁኝ አፍንጫዬም ጭራዬም የት እንደሚያልቁ በደንብ አውቃለሁ፤ የኋላው መስታወት በሚያልቅበት መኪናዋም ታልቃለች። ሾላ ስንደርስ ያው ቦታ ክፍት ነበር። በአንድ ጊዜ ገባሁ። መኪና የሚያስቆሙት ሰውዬ አጨበጨቡልኝ፤ ባለጎመኗ ግን ከፋቸው።

አማቴ በራቸውን ከፍተው ወረዱ። ከዚያ ጀምሮ ግን አንገታቸውን ደፉ፤ ምክንያቱም የሚያውቋቸው ሻጮች ሁሉ ማዳበሪያዎቹን አይተዋል። አንዷ መጥታ ሽንኩርቱ አልተስማማችሁም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አማቴ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ያው ይመለሳል፣ ለመንሸራሸር ነው የመጣው አሉ። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። በኋላ እንደሰማነው፣ ሾላ ውስጥ የልጃቸው ሚስት አሳብዳቸዋለች የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር።

ኩራቴ የተሰበረው ስንመለስ፣ ሰፈራችን ሳንደርስ ካለው የወንዝ ድልድይ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። አራት ሰው፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፤ አንድ ሊትር ሞተር፣ በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ስስ አየር። ግማሽ ላይ ስንደርስ ድምፅ ብቻ ጨመረች፣ ፍጥነት የለም። ጋሼ ማቀዝቀዣውን አጥፊው፣ ማርሹንም ዝቅ አድርጊው አሉኝ። አደረግሁ። ትንሽ ተሻላት። ሳናውቀው ሁላችንም ወደ ፊት ጎንበስ ብለናል፤ ባለቤቴ የፊት ወንበሩን ይገፋል። አንዲት የሰው ሙሉ ሚኒባስ አጠገባችን አልፋ ስትሄድ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት በሐዘኔታ ያዩን ነበር።

ቦዩ ጋ በልበ ሙሉነት ደረስኩ። ጭራ የለኝም፤ ምን ይነካኛል? ከኋላ እውነትም ምንም አልነካኝም። የነካኝ ከፊት ነው። አፍንጫዋ ቦዩ ውስጥ ዝቅ ስትል ያ ጥቁር ከንፈር አፈሩን ያዘና ጥግ ላይ ቀጨጭ ብሎ ከመያዣው ወጣ። ወርጄ አነሳሁት። ባለቤቴ ከበርበሬው ጀርባ ሆኖ እንዲህ ሲል ሰማሁት፣ «ጭራ እንኳ ቢሆን ቦታው ላይ ይቆያል።» ሰኞ ለባልደረባዬ ይቅርታ ስጠይቃት ግን ደስ አላት፤ ያንን ነገር ከዓመት በፊት ጀምሮ እንዲወልቅ ስትለምን ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት ጋሼ ቤት ተሰበሰብን። ፍርድ እየጠበቅን ሳለ ያልጠበቅነው ነገር ተፈጠረ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አስቦበት እንደነበር፣ ከጎመኑ በኋላ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ስለዚህ ሀችባክ ይሻላል ብሎ እንደወሰነ ተናገረ። እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሴዳን ይሁን ብዬ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ዳገቱና ማስነጠሱ አሸንፈውኛል። ከዚያ ክርክሩ እንደገና ተጀመረ፤ እሱ የአራት ወሩን የኔን ነጥብ በሙሉ በራሴ ቃላት ሲደግም፣ እኔ ስለ ክብር ሳወራ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱና የለኩትን ነገሩን። ባዶ ሆነው ሁለቱም ከመሬት ያላቸው ከፍታ ያን ያህል አይለያይም፤ የሁለቱም ስንዝር አይሞላም። ሲጫኑ ሁለቱም ይወርዳሉ፤ ሴዳኗ ከጎማው ወዲያ የተረፈ ረጅም ኋላ ስላላት ቶሎ ትጫራለች፣ ጉብታ ላይም ሆዷ ቀድሞ ይቀመጣል። ሀችባኳ አጭር ስለሆነች ትወጣለች፤ ግን ሰው ታንገላታለች፣ ዳገት ላይም ሙሉ ጭነት ይከብዳታል። የፊቱ ጥፋት የመኪናዋ ሳይሆን የከንፈሩ ነው። ከዚያ ጠየቁን፦

«ለመሆኑ እናንተ በዓመት ስንት ቀን ነው አራት ሆናችሁ ሽንኩርት የምትጭኑት?»

አላወቅንም። እንግዲያው አንድ ሳምንት ጻፉ አሉን፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ሰው የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር፣ ምን ይዞ። ባለቤቴ የሂሳብ ሰው ነውና ሠንጠረዥ አሰምሮ ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። እኔ የኔን ጻፍኩ፤ ቢሮ፣ ብቻዬን፣ ቦርሳ። እሱም የሱን ጻፈ። አማቴ ፊደል ቢያውቁም ዓይናቸው ስለደከመ ነገሩን እንድጽፍላቸው ጠሩኝ። እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። ማክሰኞ ክሊኒክ፣ ሐሙስ ክሊኒክ አሉኝ።

የምን ክሊኒክ አልኳቸው። ለጉልበቴ ነዋ አሉ። ከክረምት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እኛ ሥራ ስንሄድ፣ በታክሲ እየተጋፉ ይመላለሳሉ። ለምን አልነገሩንም ስላቸው እናንተ ስለ ጭራ ስትጨቃጨቁ ማን ይሰማኝ ነበር አሉኝ። ያሉት ለሳቅ ነው። እኔ ግን እስክሪብቶውን ይዤ ወጥ ቤቱ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

ማታ ባለቤቴ ሠንጠረዡን አነበበ። ከዚያ እናቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠና የትኛዋ መኪና ተመቸችሽ ብሎ ጠየቃቸው። በአራት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እንደ ክብደት ሲቆጠሩ ነው የቆዩት።

«መቀመጡስ የመጀመሪያዋ ነው የሚደላው» አሉ። «መውጣቱ ግን ከጉድጓድ እንደመውጣት ነው። ከትንሿ ራሴ ተነስቼ ነው የወረድኩት፣ ማንም አልጎተተኝም።»

በማግስቱ ለጋሼ ነገርናቸው። እሳቸው ነገሩን አስተውለውት ኖሮ አልተገረሙም። የሀችባኳ ወንበር ከሴዳኗ ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዝቅ ብሎ መቀመጥና ከዚያ መነሳት ነው የሚከብደው። ለምን አልነገሩንም ስላቸው፣ «የልጇ ጉዳይ ነው፤ ልጇ ያይ ብዬ ነው» አሉኝ። የሳምንቱ ሠንጠረዥም ያንኑ ይላል። አብዛኛውን ቀን መኪናው ውስጥ የሚኖረው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ አራት ሰውና ሁለት ማዳበሪያ የሚባል ቀን በዚያ ሳምንት አልነበረም።

ሀችባክ ገዛን። ጋሼ አብረውን ሄደው ካርቶን ላይ ተኝተው ሥሯን አዩ፤ የፊት ከንፈር የሌላትን፣ ሞላዎቿ ያልደከሙትን መረጡ። ሻጩ መኪናዋ ከፍ እንድትል ከሞላው ላይ ማጋጠሚያ ጨምሬ ልስጣችሁ ቢለን አይሆንም አሉት፤ ከፍ ስትል መታጠፊያ ላይ አያያዟ ይለወጣል፣ ደህና ሞላ ይበቃታል። ጎማውም ለታይታ የተገጠመ ሰፊና ስስ ሳይሆን ግድግዳው ወፈር ያለ ይሁን አሉ፤ ጉድጓድ የሚውጠው እሱ ነው። ከዘይት መያዣው ሥር መከላከያ ብረት አስገጠምን።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ አማቴን ክሊኒክ የሚያደርሰው ባለቤቴ ነው፤ የትምህርት ሰዓቱን ለዚያ ሲል አስቀይሯል። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገድ ሲዘጋ ሾፌሮቹን እየመረመሩ ይሄዳሉ። ሽንኩርት መግዣ ቀን ሲሆን እኔና እሳቸው ብቻ እንሄዳለን፤ በርበሬው ጥቅጥቅ ባለ ከረጢት ታስሮ ከኋላ ይቀመጣል፣ ዳገቱንም ያለ ችግር ትወጣዋለች። ቦዩን እስካሁን አልደፈኑትም።

በግንቦት ያቺን ነጭ ሴዳን ያዋሰን የባለቤቴ ባልደረባ አዳማ ሠርግ ነበረውና አብራችሁኝ ሂዱ አለን። እሱ በየሳምንቱ ወላጆቹን ለማየት ወደዚያ ይመላለሳል። ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ መኪናዋ ድምፅ እንኳ አልነበራትም፤ ነፋስ አይገፋት፣ አትወዛወዝ፣ ሻንጣዎቻችን ከኋላ ተዘግቶባቸው ተኝተዋል። ለእሱ ኑሮ ይቺ ትክክለኛዋ መኪና እንደሆነች አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም። ባለቤቴ ከፊት ሆኖ ስለ አጭር መኪና ጥቅም፣ ስለ መውጫዋ፣ ስለ ወንበሯ ከፍታ አንድ በአንድ ያስረዳዋል። ባልደረባው በትዕግሥት ይሰማል።

ከዱከም በኋላ ያለውን አላስታውስም። አዳማ መግቢያ ላይ ባለቤቴ ዘወር ብሎ ተኝተሽ ነበር እንዴ አለኝ። አይ፣ ዓይኔን ከድኜ ስሰማህ ነበር አልኩት።